ሚዛኑ ትክክል ነው፤ የተገለበጠው ማዕዘኑ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ነው፤ ግቢዬ ተዳፋት ስለሆነ ሲሚንቶ በባለ አራት ጎማ ጋሪ ወደ ላይኛው ግቢ የማወጣበት፣ በሁለት ጣውላዎች የተሠራ መወጣጫ አለኝ። የጣውላው ርዝመት 4.8 ሜትር፣ ከፍታው 1.2 ሜትር ነው። ጋሪው ከነጭነቱ 400 ኪሎ ይመዝናል፤ የምጎትተው በእጅ ዊንች ነው። ሳሰላው ገመዱ 387 ኪሎ፣ ጣውላዎቹ 100 ኪሎ እንደሚሸከሙ አገኘሁ፤ ሠራተኛውም በዚሁ መሠረት ገመዱን በወፍራም ቀየረልኝ። ገመዱ ላይ ያስገባሁት የመንጠቆ ሚዛን ግን 108 ኪሎ ብቻ ያሳያል፤ ጣውላዎቹ ደግሞ መሃላቸው ላይ ክፉኛ ይጎብጣሉ። ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው ወይስ ጣውላው የማይረባ ሆኖ?

መልስ፦ ሁለቱ ምልክቶች የመጡት ከአንድ ምክንያት ይመስለኛል። ገመዱ ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ፣ ጣውላው ደግሞ ከተጠበቀው እጅግ የበዛ ጭነት ሲያሳዩ፣ ብዙ ጊዜ ዕቃው ሳይሆን ስሌቱ ነው የተገለበጠው። ግምቴ ይህ ነው፦ ቱንቢ አንጠልጥለው በክሩና በጣውላው መካከል ያለውን ማዕዘን ለክተው 75.5 ዲግሪ ገደማ አግኝተዋል፤ ከዚያም ያንን ቁጥር በሳይኑ ቦታ አስገብተውታል። ለስሌቱ የሚፈለገው ግን ጣውላው ከአግድመት መሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው፤ እሱም ከ90 ላይ 75.5 ሲቀነስ የሚቀረው 14.5 ዲግሪ ነው። የጻፉትን ወረቀት ይመልከቱ፤ 75 አካባቢ ያለ ቁጥር ካገኙ ጉዳዩ አለቀ።

ትክክለኛው ክፍፍል ይህን ይመስላል። ከጣውላው ጋር ትይዩ ሆኖ ጋሪውን ወደ ታች የሚጎትተው የክብደቱ ክፋይ በሳይን ይገኛል፤ 400 ሲባዛ በ0.25፣ 100 ኪሎ። ለጣውላው ቀጤ ነክ ሆኖ የሚጫነው ክፋይ በኮሳይን ይገኛል፤ 400 ሲባዛ በ0.968፣ 387 ኪሎ። በኒውተን ከፈለጉት ሁለቱንም በ9.8 ያባዙ፤ 980 እና 3,795 ገደማ ይሆናል። እንዲያውም ለገመዱ ማዕዘን መለካት ጨርሶ አያስፈልግም፤ ከፍታውን ለርዝመቱ ማካፈል ይበቃል፤ 1.2 ለ4.8 ያው 0.25 ነው። ርዝመቱ ግን በጣውላው ላይ ይለካ እንጂ ከሥር በመሬቱ ላይ አይለካ።

አሁን ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። ጎማዎቹ በታችኛው በኩል ታኮ ሳይገባላቸው ገመዱ አይፈታ፤ ከጋሪው በታችም ሰው አይቁም። 100 ኪሎ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ገመዱ ካመለጠ ጋሪው ከላይ እስከ ታች ለመድረስ ሁለት ሴኮንድ ያህል ብቻ ይበቃዋል፤ ሲደርስም በሰዓት ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል።

ማዕዘኑ ለምን እንደሚገለበጥ ግን በቃል አምነው እንዲቀበሉኝ አልፈልግም፤ በእጅዎ ይዩት። አንድ ጣውላ አግድም በውሃ ልክ አስተካክለው ያስቀምጡና ስኳድራ ያቁሙበት። ከስኳድራው ቋሚ እግር ጫፍ ላይ ቱንቢ ቢያንጠለጥሉ ክሩ እግሩን ተከትሎ ይወርዳል፤ በመካከላቸው ምንም ክፍተት የለም። አሁን የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ እያሉ ያንሡ። ስኳድራው ከጣውላው ጋር ስለሚዞር ጣውላው 5 ዲግሪ ሲያዘነብል እግሩም 5 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ክሩ ግን የሚሰማው የምድርን ስበት ብቻ ስለሆነ ካለበት አይነቃነቅም። ስለዚህ በክሩና በስኳድራው እግር መካከል የሚከፈተው ማዕዘን ጣውላው ያዘነበለው ያህል ነው፤ 14.5 ሲያነሡ 14.5 ይከፈታል። ክሩ የክብደቱ አቅጣጫ ነው፤ የስኳድራው ቋሚ እግር የቀጤ ነኩ፣ አግዳሚው እግር ደግሞ የትይዩው ክፋይ አቅጣጫ ነው። ዝንባሌው ትንሽ እስከሆነ ድረስ ክሩ ለቋሚው እግር ቅርብ ስለሚሆን ትልቁ ድርሻ የጣውላው ይሆናል።

ቁጥሩንም ያለ ካልኩሌተር ማውጣት ይቻላል። ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ከመወጣጫው ጣውላ ጎን ላይ ይምቱና በቱንቢው ክር ልክ 40 ሳንቲ ሜትር መስመር ያስምሩበት፤ አንዱ ሳንቲ ሜትር 10 ኪሎ ማለት ነው። ከመስመሩ የላይኛው ጫፍ ተነሥተው በስኳድራ ለጣውላው ቀጤ ነክ የሆነ መስመር ወደ ታች ያውርዱ፤ ከታችኛው ጫፍ ደግሞ ለጣውላው ትይዩ የሆነ መስመር አስምረው ከዚያ ጋር ያገናኙት። በሜትር ሲለኩት አንዱ 38.7፣ ሌላው 10 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ሁለቱ ተደምረው 40 ባለመሆናቸው አይደንግጡ፤ አቅጣጫቸው ስለሚለያይ 40 የሚሰጡት የየራሳቸው ስኩዌር ተደምሮ የድምሩ ስኩዌር ሩት ሲወጣ ነው።

ይህ ስሕተት ተደብቆ የሚኖርበት አንድ ቦታ አለ። 45 ዲግሪ ላይ ሁለቱ ክፋዮች እኩል ስለሆኑ ሳይንና ኮሳይን ቢቀያየሩም መልሱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ስሌትዎን በ45 አይፈትኑት። በዜሮ ዲግሪ ይፈትኑት፤ አግድም በተነጠፈ ጣውላ ላይ የቆመ ጋሪ የትም አይሄድምና ለገመዱ ከዜሮ ሌላ ቁጥር የሚሰጥ ስሌት የተገለበጠ ነው።

የሚዛኑ 8 ኪሎ ትርፍ ከሰበቃ የመጣ ነው፤ እየተጎተተ በሚወጣ ጋሪ ላይ ሰበቃው በገመዱ ጭነት ላይ ይደመራል። ጋሪውን በዊንቹ ቀስ አድርገው ሲያወርዱ ደግሞ ያንብቡት፤ 92 አካባቢ ካሳየ የሁለቱ አማካይ 100 ነውና ሚዛንዎ ጤነኛ ነው። ሲወጣ 130፣ ሲወርድ 70 የሚል ከሆነ ግን ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው። ገበያው የሞላው ርካሽ ኩሽኔታ ገና ጥቂት ሲሚንቶ እንዳመላለሱበት ይንቋቋል፤ ቅባት ቢጨምሩለትም ስለማይድን ከእሱ ጋር አይታገሉ።

ገመዱን ያወፈረልዎት ሰው የማይታመመውን አክሞ የታመመውን ትቶታል። ወፍራሙ ገመድ አይጎዳምና ይቆይ፤ ሳይደገፍ የቀረው ግን ጣውላው ነው። ሁለቱ ጣውላዎች ተካፍለው 387 ኪሎ ስለሚሸከሙ፣ እያንዳንዱን ከመሃሉ ላይ በሞራሌ ይደግፉት። ድጋፉ የሚቆመው በቱንቢ ሳይሆን በስኳድራ ነው፤ ጎማው ጣውላውን የሚጫነው በቀጤ ነክ አቅጣጫ በመሆኑ የሞራሌው እግር ትንሽ ወደ ዳገቱ ገባ ይላል። ቀጥ አድርገው በቱንቢ ካቆሙት ግን ጭነቱ አናቱን ወደ ዳገቱ ስለሚገፋው ውሎ አድሮ ከቦታው ይንሸራተታል። ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስገቡ፤ ይህን ሁሉ ሲሠሩም ጋሪው ከመወጣጫው ላይ ወርዶ፣ ታኮ ገብቶለት ሜዳ ላይ ይቁም።

በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የመወጣጫው የታችኛው ጫፍ ያረፈበት አፈር ሊሰምጥ ስለሚችል ከፍታውን እንደገና ይለኩ። 12 ሳንቲ ሜትር ቢሰምጥ ከፍታው 1.32 ሜትር ይሆናል፤ ለ4.8 ሲካፈል 0.275 ስለሚሰጥ የገመዱ ድርሻ ወደ 110 ኪሎ ይወጣል፤ የጣውላው ግን 385 ገደማ ሆኖ እምብዛም አይለወጥም።