አየሩ ቀጠሮ የለውም፦ ስለ አውሮፕላን ክንፍ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት “ስለ አውሮፕላን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ” ብዬ ነበር። አውሮፕላን ጥገና ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን እዚሁ ባህር ዳር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጥያቄው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ዞሮ ዞሮ ክንፉ ላይ ስለሚያርፍ እኔም እዚያው እቆያለሁ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሽምብጥ፦ ቲቸር፣ የክንፉ የላይኛው ገጽ ስለሚረዝም አየሩ ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑም ይነሳል ተብለን ተምረናል። ልክ አይደለም እንዴ?

ግማሹ ልክ ነው። ከላይ ያለው አየር በእርግጥ ይፈጥናል፤ ግፊቱም በእርግጥ ዝቅ ይላል። የተበላሸችው “እኩል ለመድረስ” የምትለዋ ናት። ክንፉ ፊት የተለያዩ ሁለት የአየር ቅንጣቶች ከክንፉ ኋላ የሚገናኙበት ቀጠሮ የላቸውም። አንዱ ቢቀር ሌላው አይጠብቀውም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የሚመላለሰውን ባለ ሁለት ፕሮፔለሩን ኪው 400 ውሰጂ። የክንፉ ስፋት ወደ 63 ካሬ ሜትር ነው። ሲነሳ 27 ቶን ይመዝናል፣ በሰከንድ 60 ሜትር ይሮጣል እንበል። የባህር ዳር አየር ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ስለሚል ሳሳ ያለ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል። የክንፉ የላይኛው ገጽ ከታችኛው በ2 በመቶ ይረዝማል ብለን እንውሰድ፤ ከተለመደው ክንፍ ብዙም አይርቅም። እኩል መድረስ ግዴታ ከሆነ የላይኛው አየር በ2 በመቶ ብቻ ይፈጥናል ማለት ነው። ፍጥነት ሲጨምር ግፊት ይቀንሳል በሚለው በበርኑሊ ሕግ ስናሰላው፦

```
ΔP = ½ × 1.0 × (61.2² − 60²) ≈ 73 Pa
73 Pa × 63 m² ≈ 4,600 N
```

ይህ 470 ኪሎ ገደማ ያነሳል። ስድስት ሰው፣ ያውም ያለ ሻንጣ። አውሮፕላኑ ራሱ መሬት ይቀራል።

ገልብጠሽ ብታሰዪው ደግሞ ይብስ ያስቃል። 27 ቶን ለማንሳት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 4,200 ፓስካል ያህል ልዩነት ያስፈልጋል። ያንን በ“እኩል መድረስ” ለማግኘት የላይኛው ገጽ ከታችኛው በ80 በመቶ በላይ መርዘም አለበት። ለሁለት የተከፈለ ሐብሐብ በጠፍጣፋው በኩል ብታስቀምጪው እንኳ ጉብታው ከጠፍጣፋው የሚረዝመው በ57 በመቶ ነው። ከሐብሐብ የባሰ ጎባጣ ክንፍ ያለው አውሮፕላን እኔ አላየሁም።

የሆነውን በዓይን ማየትም ይቻላል። ዊንድ ተነል በሚባለው የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ ጭስ በየተወሰነ ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ እያደረጉ ይለቁና ክንፉን ሲያልፍ ይቀርጹታል። ከላይ ያለፈው ጭስ የክንፉ ጅራት ጋ ሲደርስ የታችኛው ገና ከኋላ ነው። እኩል መድረስ ቀርቶ ጥሎት ሄዷል። ስለዚህ የድሮው ማብራሪያ አየሩን ከልክ በላይ አፈጠነው ብለሽ እንዳትሳሳቺ፤ ከእውነተኛው በጣም አንሶ ነው የገመተው።

ባጃጅ ሹፌር፦ እሺ፣ ቀጠሮ ከሌለው ለምን ይፈጥናል? የሚያባርረው የለ!

ይህን ካንተ ሥራ ነው የምመልስልህ። አደባባይ ስትዞር ተሳፋሪው ወደ ውጭ የሚወረወር ይመስለዋል አይደል? ለመዞር ወደ ውስጥ የሚገፋ ነገር ያስፈልገዋል፤ ያንን የሚሰጠው የባጃጁ ግድግዳ ነው። አየርም እንደዚያው ነው። የክንፉን ጀርባ ተከትሎ ወደ ታች ለመታጠፍ ከላይ ወደ ክንፉ የሚገፋው ይፈልጋል። ከላይ፣ ራቅ ብሎ ያለው አየር በተለመደው ግፊቱ ነው። የሚገፋው እንዲኖር ክንፉ አጠገብ ያለው ግፊት ከዚያ ማነስ አለበት። ዝቅተኛው ግፊት ከመታጠፉ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው።

አሁን ከፊት የሚመጣው አየር ከፍ ካለ ግፊት ወደ ዝቅተኛ ግፊት ይገባል። ከኋላ ይገፋል፣ ከፊት ክፍት ነው፤ ስለዚህ ይፈጥናል። ቁልቁለት እንዳገኘ ባጃጅ በለው።

ማንኪያ ይዘህ ቧንቧ ጋ ሂድ። እጀታውን በሁለት ጣት አንጠልጥለህ ጎባጣውን ጀርባ ቀስ ብለህ ወደሚወርደው ውሃ አስጠጋው። ውሃው ይገፋዋል ብለህ ትጠብቃለህ፤ ማንኪያው ግን ወደ ውሃው ይሳባል። ውሃውም ቀጥ ብሎ መውረዱን ትቶ የማንኪያውን ጉብታ ተከትሎ ወደ ጎን ይታጠፋል። እውነቱን ለመናገር ውሃ ማንኪያ ላይ የመለጠፍ ጠባይም ስላለው ነገሩ ከክንፍ ጋር አንድ ለአንድ አይገጥምም። የመታጠፉን ነገር ግን በእጅህ ያሳይሃል።

መካኒካል ኢንጂነር ነኝ የሚሉ፦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? በርኑሊ ተረት ነው። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ይመታል፣ አየሩ ወደ ላይ ይመታዋል። ኒውተን ብቻ በቂ ነው።

ወንድሜ፣ መጨረሻው ላይ ተገናኝተናል፤ መንገዱ ላይ ግን በርኑሊን ገደል ከተቱት። አየር ወደ ታች እንደሚወረወር አልክድም። የኪው 400 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ28 ሜትር ይበልጣል። በግምት ያን ያህል ስፋት ያለው የአየር በርሜል ወደ ታች ያዞራል ብንል በሰከንድ 38 ቶን ገደማ አየር ነው። ያንን በሰከንድ 7 ሜትር ወደ ታች ቢገፋው 27 ቶኑን ይሸከማል። ግምት ነው፤ መጠኑን ግን ያሳያል።

ችግሩ “ይመታል” የሚለው ነው። የክንፉ ሆድ ብቻ አየሩን እንደ መቅዘፊያ የሚመታ ይመስላል። በተለመደው በረራ የበለጠውን ሥራ የሚሠራው ጀርባው ላይ ያለው ዝቅተኛ ግፊት ነው። ደግሞስ አየር ክንፉን በምን ይነካዋል? በግፊት ነው እንጂ ሌላ እጅ የለውም። ግፊቱን ከቆጠሩ በርኑሊ ይረዳዎታል፤ ወደ ታች የሄደውን አየር ከቆጠሩ ኒውተን። አንዱን ዕዳ በሁለት መዝገብ እንደማየት ነው። ሁለቱን ደምረው “60 በመቶው የኒውተን፣ 40 በመቶው የበርኑሊ” የሚሉትን ግን አይስሟቸው።

*(እሳቸው “አሁንም መታጠፉ ነው ወይስ ግፊቱ የቀደመው?” ብለው መልሰው ጽፈዋል። የቀደመ የለም፤ አብረው ነው የሚመጡት አልኳቸው። የተዋጠላቸው አይመስለኝም።)*

ከቀበሌ 14፦ እኔ ግፊቱ ጆሮዬን ነው የሚገድለኝ። በተለይ ሲያርፍ። ክንፉ ነው እንዴ?

ክንፉ የለበትም። ሲወርድ የካቢኑ ግፊት ይጨምራል፤ ጆሮዎ ውስጥ ያለው አየር ቶሎ አይከተለውም። ማስቲካ ያኝኩ፣ ምራቅ ይዋጡ። ጉንፋን ከያዝዎት ሐኪም ያማክሩ።

ዓሣ አስጋሪ፣ ከዘጌ በኩል፦ ፔሊካን ክንፏ ስስ ነው፤ ላዩም ታቹም አንድ ነው። ያን የሚያህል ወፍ ታዲያ በምን ትንሳፈፋለች? ደግሞ ውሃውን ልትነካ ትንሽ ሲቀራት ክንፏን ሳታርገበግብ ረጅም ትሄዳለች።

አባቴ፣ የኔን ግማሽ ቀን ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። የፔሊካን ክንፍ ከፊት አጥንትና ሥጋ አለው፤ ከኋላ ላባ ብቻ ነው። የላዩና የታቹ ርዝመት እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የለውም። ግን ጎበጥ ብሏል፣ ፊቱን ቀና አድርጎ ነፋሱን ይቀበላል፤ አየሩን ወደ ታች ለማጠፍ ይህ ይበቃል። የጀልባ ሸራም አንድ ጨርቅ ብቻ ነው፤ ግን ይሠራል። አውሮፕላንም ተገልብጦ መብረር የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው፦ አብራሪው አፍንጫውን በበቂ ቀና ካደረገው ክንፉ ተገልብጦም አየሩን ወደ ታች ያዞረዋል።

ሁለተኛው ያሉትም ከዚሁ ይመዘዛል። ክንፍ አየርን ወደ ታች ሲልክ የጉልበት ዋጋ ይከፍላል። ውሃው ቅርብ ሲሆን አየሩ እንደልቡ ወደ ታች መሄድ አይችልም፤ ወደኋላ የሚጎትታትም ይቀንሳል። ወፏ ይህን በደንብ ታውቃለች። አውሮፕላንም ማኮብኮቢያው ላይ ሊያርፍ ሲል አንዳንዴ “አልወርድም” ብሎ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው።

የልጆች እናት፦ ሞተሩ ቢጠፋስ? እንደ ድንጋይ ነው የሚወድቀው?

አይደለም እትዬ። የሚሸከመው ክንፉ ነው፤ ሞተሩ ፍጥነቱን ነው የሚጠብቅለት። ሞተር ሲጠፋ አብራሪው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ከፍታውን በፍጥነት ይመነዝረዋል፤ አውሮፕላኑ እየተንሸራተተ ይወርዳል።

ይህ በከተማችን ደርሷል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ የተነሳ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ገጠመውና ሁለቱም ሞተሮቹ ተጎዱ። ለመመለስ ሲሞክር ኃይል አጣ፣ ጎማ ሳያወጣ በሆዱ አረፈ፣ እሳትም ተነሳ። ከ104ቱ ሰዎች የ35ቱ ሕይወት አለፈ። ላስፈራዎት አይደለም። ሞተሮቹ ከጠፉም በኋላ ክንፉ መሬት እስኪነካ ሥራውን አልተወም።

ክንፍ ሥራውን የሚያቆመው ሌላ ጊዜ ነው። ክንፉ ከፊት ከሚመጣው አየር አንጻር ከልክ በላይ ቀና ሲል፣ እንደ ክንፉ ዓይነት 15 ዲግሪ አካባቢ፣ አየሩ ጀርባውን ተከትሎ መታጠፍ ያቅተውና ይላቀቃል። አብራሪዎች ስቶል ይሉታል። መድኃኒቱ ለሰው የሚከብድ ነው፦ እየወደቅህ አፍንጫህን ወደ ታች መግፋት።

የሽምብጧ ተማሪ እንደገና፦ ቲቸር፣ ፈተና ላይ “እኩል ይደርሳሉ” ብቻ በምርጫው ቢመጣስ?

ከባድ ጥያቄ ነው። ማርክሽን ጣይ አልልሽም። አክብቢው፣ ከዚያ 470 ኪሎዋን ስሌት ይዘሽ መምህርሽ ጋ ሂጂ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፦ ተው እንጂ! ስህተት መሆኑን እያወቀች ታክብብ? ባዶ ትተወው፣ እኛም ጥያቄውን እናስተካክል።

አንተ ማርኳን ትከፍላለህ?