መልስ፦ 97 በመቶ ትክክል የሆነ ሞዴልን ለሥራ አስኪያጅ ማስረዳት

«ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የብድር ተቋም ለዳታ ባለሙያነት ቃለ መጠይቅ አለብኝ። ‹ብድር የማይመልሱትን የሚተነብየው ሞዴልህ 97 በመቶ ትክክል ነው፤ ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ አስረዳ› ቢሉኝ ምን ልበል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ 97ቱን ራስህ ጠርጥረው። ለቀፊራ ገበያ ነጋዴዎች ከተሰጡ 1000 ብድሮች 40ዎቹ አልተመለሱም እንበል። «ሁሉም ይከፍላል» የሚል ሞዴል አንድም ሰው ሳይዝ 96 በመቶ ትክክል ይሆናል! ያንተው 50 ሰዎችን ጠርጥሮ 30ዎቹ በእርግጥ ካልከፈሉ፣ 10 አምልጠውታል፣ 20 ደግሞ ያለጥፋታቸው ተጠርጥረዋል። ስሕተቱ በጠቅላላ 30 ነው፤ 97 በመቶ የሚባለው ይኸው ነው።

ለሥራ አስኪያጁ ፕሪሲዥንና ሪኮል የሚሉትን ቃላት አታንሳበት። «ከማይከፍሉት 40 ሰዎች 30ዎቹን ቀድመን እናውቃለን፤ ከምንጠረጥራቸው 5 ሰዎች ግን 2ቱ ከፋዮች ናቸው» በለው። ቀጥለህ የቱ እንደሚከብደው ጠይቀው፤ የጠፋ ብድር ወይስ የተከለከለ ጥሩ ደንበኛ? ሞዴሉ ምን ያህል ጥብቅ ይሁን የሚለው በእርሱ መልስ ይወሰናል።

ኦቨርፊቲንግንም ሳያነሱ አይቀሩም። ሞዴሉ በተማረባቸው ብድሮች ከ40 39ኙን ይዞ በአዲሶቹ 30 ብቻ ከያዘ፣ የተማረውን ሸምድዷል። ስለዚህ በቀደሙት ዓመታት ብድሮች አስተምረህ፣ የመክፈያ ጊዜያቸው ባለቀ በኋለኞቹ ፈትነው። ብድሮቹን ለማስተማሪያና ለመፈተኛ በዘፈቀደ ከከፋፈልካቸው ሞዴሉ የአንድን ደንበኛ የኋለኛ ብድር አይቶ የፊተኛውን «ይተነብያል»።