ባሌ ከእኔ ተደብቆ ለእህቱ ገንዘብ ይልካል

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከተጋባን 6 ዓመት ሆኖናል፣ የ4 ዓመት ልጅ አለን። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፣ እሱ ቀን ታክሲ ይነዳል። ቤት ለመግዛት እያጠራቀምን ነው። ለየወላጆቻችን በወር 200፣ 200 ዶላር ለመላክ ስንጋባ ተስማምተናል። ባለፈው ሳምንት ስልኩ ላይ «የላኩት ገንዘብ ደርሷል» የሚል መልእክት አየሁ። ወደ ኋላ ሄጄ ሳይ፣ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ለ14 ወር፣ በየወሩ 150 ዶላር ለእህትየው ሲልክ ኖሯል። 2,100 ዶላር! ስጠይቀው መጀመሪያ ካደ፣ ከዚያ ዝም አለ። እርግጥ እህትየው ቤይሩት እያለች የዲቪ ወጪውን ችላለታለች። እሱን ግን ከፍሎ ከጨረሰ ቆይቷል። በሊባኖስ ቀውስ ጊዜ ተመልሳ አሁን አዲስ አበባ ናት። እኔም ለእናቴ አልፎ አልፎ ጨመር አድርጌ እልካለሁ። እሷ ግን እናቴ ናት፣ እሱም ያውቃል። እዚህ አገር ባልና ሚስት በግልጽ ነው የሚኖሩት። አሁን ሳሎን ነው የሚተኛው። ከውሸታም ጋር እንዴት ልኑር?

ውድ እህቴ፣

በመጀመሪያ፣ መዋሸቱ ልክ አይደለም። አይተሽው ስትጠይቂው መካዱ ደግሞ ከገንዘቡ በላይ እንዳመመሽ ይገባኛል። ከዚህ በታች የምጽፈው እሱን ነፃ ለማውጣት አይደለም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ አንድ ቃል ያዘኝ። የአንቺን እናት «እናቴ» ብለሻል። የእሱን እህት «እህትየው» ብለሻል፣ ያውም ሁለት ጊዜ። «የባሌ እህት» አላልሽም፣ በስሟም አልጠራሻትም። አማርኛችን እንዲህ ነው፣ የራቀብንን ሰው በአንድ ቅጥያ ያርቅልናል። ምናልባት ሳታስቢው ይሆናል። ባልሽ ግን ይህን ቃል ከአፍሽ ስንት ጊዜ ሰምቶት ይሆን?

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይኼ ነው። ስለ እናትሽ ስትጽፊ «እናቴ ናት» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ማስረጃ አላስፈለገሽም፣ እናት ናትና። ወደ እሱ እህት ስትመጪ ግን «እዚህ አገር» ብለሽ ጀመርሽ። ለእናትሽ የአገር ቤት ሕግ ሠራ፣ ለእሱ እህት የአሜሪካ ሕግ ወጣ። ይህን የምታደርጊው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ውጭ አገር ከሚኖሩ ባልና ሚስቶቻችን ጋር ስቀመጥ በብዛት የምሰማው ጭቅጭቅ ይኼ ነው። ሁለቱም ሁለት አገር በኪሳቸው ይዘዋል። ለየራሳቸው ቤተሰብ አንዱን ያወጣሉ፣ ለሌላው ቤተሰብ ሌላውን። ከዚያ «ተለወጥሽ»፣ «አልሠለጠንክም» ይባባላሉ። የሚከራከሩት ስለ ባህል ይመስላቸዋል። ጥያቄው ግን የማን ቤተሰብ በየትኛው ሕግ ይዳኝ የሚል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ከፍሎ ከጨረሰ ቆይቷል» ብለሻል። ምን ከፍሎ?

የዲቪ ወጪ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። በኤምባሲው ለቃለ መጠይቁ የሚከፈለው 330 ዶላር ነበር። የሕክምና ምርመራው አለ፣ ሰነድ ማስተርጎሙ አለ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ አለ። በዚያ ዘመን ቤይሩት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚከፈላት በወር 150 ዶላር ገደማ ነበር። ቁጥሩን ልብ በይ። ባልሽ በየወሩ የሚልከው ይህንኑ ያህል ነው። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ሳልጠይቅ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ሒሳቡ ግን በራሱ ይናገራል። የቃለ መጠይቁ ክፍያ ብቻ ከሁለት ወር በላይ ደመወዟ ነው። ከዚያ ትኬቱ አለ። እሷ ያን ጊዜ ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ሆኖ፣ ምናልባት በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከቤት ሳትወጣ ነው ያጠራቀመችው። ከ2019 ጀምሮ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቆሙ። በ2020 አንዳንዶቹ ሴቶቹን አምጥተው ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። የባልሽ እህት የተመለሰችው በዚያ ጊዜ ከሆነ፣ ይዛ የተመለሰችው ብዙ ነገር አይመስለኝም።

የቤተሰብ የሥነ ልቦና ሕክምናን ከጀመሩት ባለሙያዎች አንዱ ኢቫን ቦሶርሜኒ-ናጊ ይባላል። እሱ እንደሚለው እያንዳንዳችን ወደ ትዳር የምንገባው የማይታይ መዝገብ ይዘን ነው። ከወላጅና ከእህት ወንድም ምን እንደተቀበልን፣ ምን መመለስ እንዳለብን የተጻፈበት መዝገብ ነው። አጋራችን ይህን መዝገብ ማንበብ አይችልም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ለዚህ አዲስ ቃል አያስፈልገንም፣ «ውለታ» ብለን እንጠራዋለን። ብድር ይከፈላል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ያልቃል። ውለታ ደረሰኝ የለውም። አንቺ የቆጠርሽው ብድሩን ነው፣ እሱም በእርግጥ ከፍሎታል። ባልሽን ሌሊት የሚያነቃው ግን ሌላ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። እሷ ሰው ቤት ጎንበስ ብላ ባጠበችው ወለል እሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሷል። እሷ ወደነበረችበት ተመልሳለች። ስንት ዶላር ቢልክ ነው ይህ የሚስተካከለው?

የጀመረበትን ጊዜም እዪው። መንግሥት ብሩን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ማለትም በጁላይ 2024 መጨረሻ ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። እዚህ ላለነው የምንልከው ገንዘብ የጨመረ መሰለን። እዚያ ላሉት ደግሞ የዘይቱም የመድኃኒቱም ዋጋ አብሮ ሄደ። የእናንተ ስምምነት የ6 ዓመት ነው፣ እህቱም ያኔ ቤይሩት ነበረች። ተመልሳ ስትመጣ ቁጭ ብላችሁ «አሁንስ?» ተባብላችኋል? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም።

ታዲያ ለምን አልነገረሽም? ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ዝርዝሩን ለውጬ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ነገሩ ከናንተው ጋር ይመሳሰላል። ባልየውን «ለምን ደበቅክ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ስሟን ስጠራ የባለቤቴ ፊት ይቀየራል» አለኝ። «ብነግራት እምቢ ትለኛለች። እምቢ ካለችኝ ደግሞ ወይ ከሷ ጋር እጣላለሁ፣ ወይ ውለታ በላ እሆናለሁ።» ሚስትየው ይህን ስትሰማ ተቆጣች፣ እውነቷን ነው። ቁጣዋ ሲበርድ ግን አንድ ነገር ጠየቀችው። «እህትህ ምን አደረገችልህ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።» ለአርባ ደቂቃ ያህል አወራ። 8 ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን ያላወራው ነገር ነበር። እህቱ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ እንደሄደች፣ እሱ ደግሞ ያኔ ትምህርቱን እንደቀጠለ ተናገረ። ሚስቱ የምታውቀው «ብር የምትጠይቅ እህት» እንዳለችው ብቻ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ልልሽ አልችልም። በወር 100 ዶላር በግልጽ ከጋራ ገንዘባቸው ለእህትየዋ እንዲላክ ተስማሙ። በሁለተኛው ወር የእህቱ ልጆች የትምህርት ቤት መመዝገቢያ መጣና ባልየው 250 ላከ። ዳግመኛ ሊጣሉ ነበር። ልዩነቱ የዚያኑ ዕለት ማታ ራሱ ነግሯታል። እሷም ተናዳ አደረች እንጂ ሳሎን አልላከችውም። ለእኔ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር።

አንቺም ልትሞክሪው ትችያለሽ፣ ቀስ ብለሽ ግን። አንቺ ጠዋት ስትገቢ እሱ ሲወጣ፣ ልጁን በር ላይ ስትቀባበሉ አታንሺው። ሁለታችሁም የማትሠሩበትን ቀን ጠብቂ። ስልኩንና ደረሰኙን አታውጪ፣ መልሶ ተከሳሽ ይሆናል። ስለ እህቱ ጠይቂውና ሳታቋርጪ ስሚ። ስለ ውሸቱ ያለሽን ሕመም በሌላ ቀን ንገሪው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ብታነሺ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል ብዬ እሰጋለሁ። ስለ ገንዘቡ ስትነጋገሩ፣ ለእናትሽ የምትጨምሪውንም እዚያው ወረቀት ላይ ጻፊው። «ያውቃል» ብለሻል። አዎ ያውቃል፣ ግን ያውቃል ማለት ተስማምቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ለሕመምና ለለቅሶ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለብቻ ብታስቀምጡ ደግሞ ድንገት ስልክ ሲደወል አትደናገጡም። «አሁን አይቻልም» የሚባል ነገር ሲመጣ እሱ ለእህቱ፣ አንቺም ለእናትሽ ንገሯቸው እንጂ አንዳችሁ በሌላው አታሳብቡ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ገንዘቡ በእርግጥ ወደ እህቱ የሚሄድ ከሆነ ነው። የቤት ኪራይ የሚጎድል ከሆነ፣ መጠኑ በየወሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም የራስሽን ደመወዝ እንዳታዪ የሚከለክልሽ ከሆነ፣ ጉዳዩ ሌላ ነውና ለብቻሽ ባለሙያ አናግሪ። ከጻፍሽልኝ ግን ይህ አይታይም። በየወሩ ያው 150 ነው።

በደብዳቤ ማየት የምችለው ይህን ያህል ነው። እሱን አልሰማሁትም፣ አንቺንም በአካል አላየሁሽም። ከቻላችሁ አብራችሁ አማካሪ ፊት ቅረቡ፣ ቢቻል በአማርኛ። ውለታን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ሲጀምር ግማሹ ይጠፋበታል። አማካሪው በሜሪላንድ የመሥራት ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። ፈቃዱ ካለው በቪዲዮም ይሆናል፣ የሌሊት ፈረቃ ለምትሠሪው ለአንቺ ያ ይቀላል። ዘመድ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። ሽማግሌ መቀመጡን አልቃወምም፣ ግን የእህቱ የቤይሩት ታሪክ በየቡና ቤቱ መወራት የለበትም። እሱ ፈቅዶ ካልሆነ አታውጪው።

እስከዚያው ግን፣ ሳሎን መተኛቱን ብታስቀሪው ደስ ይለኛል። እሱ ሲተኛ አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፣ አንቺ ስትተኚ እሱ መንገድ ላይ ነው። ከዚህ በላይ መራቅ አያስፈልጋችሁም። መልሰሽ ስትጽፊልኝ ደግሞ እህቱ ስታወራሽ ምን እንዳለችሽ ንገሪኝ፣ ስልክ ደውለሽላት ከሆነ።