ሲምፓቴቲክና ፓራሲምፓቴቲክ ለፈተና

«ነገ ፈተና አለብኝ፣ የሲምፓቴቲክና የፓራሲምፓቴቲክን ልዩነት በአጭሩ እንዴት ልጻፈው?»

ሁለቱም ልብንና ዕጢን የመሳሰሉትን ያለ ፈቃዳችን የሚያዙ የነርቭ ሥርዓት ክፍሎች ናቸው። መነሻቸውን አስቀድም። ሲምፓቴቲክ የሚወጣው ከህብለ ሰረሰር የደረትና የላይኛው ወገብ ክፍል ነው፣ ፓራሲምፓቴቲክ ደግሞ ከአንጎል ግንድና ከህብለ ሰረሰር የታችኛው ክፍል፣ ከሳክራል 2 እስከ 4። ቀጥሎ ኬሚካሉ። ጋንግሊዮን ላይ፣ ማለትም አንዱ ነርቭ መልእክቱን ለሌላው በሚያቀብልበት ጣቢያ፣ ሁለቱም አሴቲልኮሊን ነው የሚጠቀሙት፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ፣ ነርቩ አካሉ ጋ ሲደርስ ነው፦ ሲምፓቴቲክ በአብዛኛው ኖርኤፒነፍሪን ይለቃል፣ ፓራሲምፓቴቲክ ያው አሴቲልኮሊን። የላብ ዕጢ ግን በሲምፓቴቲክ እየታዘዘ አሴቲልኮሊን ይቀበላል (ይቺን ሳትጽፍ እንዳትወጣ)።

ለምሳሌ ልብን ውሰድ። ውሻ ሲያባርርህ ኖርኤፒነፍሪን ቤታ 1 ተቀባይ ላይ አርፎ ምቱን ያፈጥነዋል፣ በልተህ ጋደም ስትል ደግሞ የፓራሲምፓቴቲኩ ቫገስ ነርቭ በኤም 2 ተቀባይ በኩል ያዘገየዋል። አትሮፒን የሚዘጋው ይህንኑ ተቀባይ ስለሆነ፣ ሲሰጥ ምቱ ይጨምራል።