ማሽኑ ሳይሰበር ዋጋው ሲጎድል ምን እንበል?

ጥያቄ፦ «የማተሚያ ቤት ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የማሽናችንን ኢምፔርመንት በአማርኛው ሪፖርት ላይ 'በማሽኑ ላይ የደረሰ ጉዳት' ብዬ ጻፍኩት። ሥራ አስኪያጃችን 'ማን ሰበረው?' ብለው ተቆጡ። ባልደረባዬ ደግሞ 'የእርጅና ቅናሽ በለው' ይለኛል። ሪከቨረብል አማውንትን 'ተመላሽ ገንዘብ' ብዬው ነበር፤ እሱም አልተወደደም። ምን ልበል? ቁጥሮቹን አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ሥራ አስኪያጅዎ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። በአማርኛ ጉዳት ካለ ጎጂ አለ። «በማሽኑ ላይ ጉዳት ደረሰ» ሲባል ጆሯችን የሚጠብቀው የተሰበረ ጥርስ ወይም የተቃጠለ ሞተር ነው። ቀጥሎ ጥበቃው ይጠራል፤ ኢንሹራንስ ይደወላል። የእናንተ ማሽን ግን እንደጻፉልኝ ደህና ነው። ሮለሩ ይታጠባል፣ ዘይቱ ይቀየራል፣ ሲነሳም ያለምንም ችግር ያትማል። የቀነሰው ሥራው ነው። የሠርግ ጥሪው በቴሌግራም መላክ ሲጀምር ማሽኑን ማንም አልነካውም፤ ዋጋው ግን መዝገብ ላይ ከተጻፈለት በታች ወረደ። ኢምፔርመንት የሚባለውም ይኸው ነው።

በተቃራኒው አንድ ማሽን በእርግጥ ተጎድቶ፣ መዝገብ ላይ ምንም የሚነካ ነገር ላይኖር ይችላል። ጎኑ የተገጨ የጭነት መኪና ገበያው ጥሩ ከሆነ አሁንም ከመዝገብ ዋጋው በላይ ያወጣል። ስለዚህ ጉዳት ከኢምፔርመንት ምልክቶች አንዱ እንጂ ራሱ ነገሩ አይደለም።

የባልደረባዎ ሐሳብም አያስኬድም። እርጅና ቀን ቆጥሮ የሚመጣ ነው። ማሽኑን በ6,000,000 ብር ገዛችሁት፤ 10 ዓመት ያገለግላል ብላችሁ በየዓመቱ 600,000 ብር ትቀንሳላችሁ። ይህ ሲገዛ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ማንም አይደነግጥም። አሁን ስም የምንፈልግለት ነገር ግን ሳይታሰብ የመጣ ነው። «የእርጅና ቅናሽ» ብለው ከጻፉት አንባቢው ማሽኑ በዕቅዱ መሠረት አንድ ዓመት ያረጀ ይመስለዋል። መጥፎው ዜና እንደተራ ወጪ ሳይታይ ያልፋል።

እኔ የምመርጠው «የዋጋ መጓደል» የሚለውን ነው። ጎደለ የሚለው ግስ ሁልጊዜ መስፈሪያ ይፈልጋል። ቁናው ጎደለ ስንል ሙሉ ቁና ምን ያህል እንደሆነ እናውቃለን። ኢምፔርመንትም ይኸው ነው፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቁናው ነው፣ ማሽኑ ያን ይሞላል ወይ ተብሎ ይሰፈራል። «ማሽቆልቆል» እና «መቀነስ» ከምን በታች እንደወረዱ አይናገሩም። መቶ ብር የነበረ ዘጠና ሲሆን ቀንሷል፤ መዝገቡ ሰማንያ ከሆነ ግን አልጎደለም።

«ጉድለት» ግን አይበሉ። ሥሩ አንድ ቢሆንም ቢሮ ውስጥ ሌላ ትርጉም ይዟል። «ጉድለት ተገኘ» ከተባለ ገንዘብ ያዧ ወይም ንብረት ክፍሉ ነው ቀና ብሎ የሚያየው። አንድ ወዳጄ በሚሠራበት ቦታ «የቋሚ ንብረት ጉድለት» የሚል ርዕስ ተጽፎ፣ የመጋዘን ሠራተኛው ቆጠራ ይደገምልኝ ብሎ ማመልከቻ እስከመጻፍ ደርሷል አሉ። ዕቃው ሁሉ በቦታው ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ ዋጋዎች። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ኬሪንግ አማውንትን «ተሸካሚ ዋጋ» ብለው የሚተረጉሙ አጋጥመውኛል፤ አህያ ይመስላል። «የመዝገብ ዋጋ» ሁላችንም የምናውቀው ነው። የእናንተ ማሽን 4 ዓመት ሠርቷል፤ የተጠራቀመው እርጅና 2,400,000 ብር ነው። ስለዚህ የመዝገብ ዋጋው 3,600,000 ብር።

ያስቸገረዎት ሁለተኛው፣ ሪከቨረብል አማውንት ነው። «ተመላሽ» ለኛ ሰው የታክስ ተመላሽ ነው፤ የሆነ ቢሮ ሄዶ የሚቀበሉት ገንዘብ። እዚህ ግን ማንም የሚመልስልን የለም። ከማሽኑ እኛው ራሳችን የምናገኘው ነው። «ሊገኝበት የሚችል ዋጋ» ቢሉት ይሻላል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «-በት» ልብ ይበሉ። ቢሸጥም ይገኝበታል፣ ቢሠራበትም ይገኝበታል። ሂሳቡም የሚጠይቀው እነዚህኑ ሁለት መንገዶች ነው።

ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 36፣ አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበለችው ሥርዓት አካል፣ እንዲህ ይላል። ማሽኑ ቢሸጥ የሚያወጣውን ዋጋ ውሰድና የመሸጫ ወጪውን ቀንስ። ቀጥሎ ማሽኑን ይዘህ ብትሠራበት ወደፊት የሚያስገባው ገንዘብ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ አስላ። ከሁለቱ የሚበልጠውን ያዝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መጋዘን ላለ ሸቀጥ ከሁለት ዋጋ ዝቅተኛው ስለሚያዝ፣ እጁ ለምዶ ለማሽንም «ዝቅተኛው» ብሎ ይጽፋል። ለማሽን ግን የሚበልጠው የሚያዝበት ምክንያት አለ፤ ባለንብረቱ ልቡ ካለ የሚሻለውን መንገድ ይመርጣላ! «ከፍተኛው ዋጋ» ብቻ ብለው አይጻፉ፤ በገበያው ከተሰማው ሁሉ ከፍተኛው ይመስላል። «ከሁለቱ የሚበልጠው» ይበሉ።

የእናንተን እንስፈር። ገዥ 2,500,000 ብር እሰጣለሁ ብሏል። ለማስነቀያ፣ ለማጓጓዣና ለደላላ 150,000 ይወጣል። ቀሪው 2,350,000 ብር። ይህ ቢሸጥ ነው።

ቢሠራበትስ? ማሽኑ የቀረው 6 ዓመት ነው፤ በዓመት ወጪው ተቀንሶ 700,000 ብር ያስገባል ብላችኋል። ስድስቱ ተደምረው 4,200,000 ይሆናሉ። ከመዝገብ ዋጋው ይበልጣል፤ ታዲያ ምን ጎደለ? ብዙ ሪፖርት የሚሳሳተው እዚሁ ጋ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ የሚመጣ ብር የዛሬ ብር አይደለም። በያዛችሁት የ18 በመቶ ዓመታዊ ተመን ሲሰላ የመጀመሪያው ዓመት 700,000 ዛሬ 593,220 ብር ያወጣል፤ የስድስተኛው ዓመት ግን 259,302 ብቻ። ሁሉም በዚህ መልክ ተደምሮ ወደ 2,448,000 ብር ይመጣል። ይህን ሥራ «ዲስካውንት» የምትሉትን «ቅናሽ» ብለው እንዳይተረጉሙት። ቅናሽ የበዓል ሰሞን የሱቅ ማስታወቂያ ነው። «ወደ ዛሬ ዋጋ ማምጣት» ረዘም ቢልም ይገባል።

ስለ 700,000ዋ አንድ ነገር። ማሽኑ ዛሬ ባለበት ሁኔታ የሚያስገባው መሆን አለበት። ሥራ አስኪያጁ «የቀለም ክፍል እናስጨምርበታለን፣ ያኔ ሥራ ይጎርፋል» ካሉ፣ ያ ጎርፍ እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። መጓደል የሚደበቀው በአብዛኛው በዚህ ተስፋ ሥር ነው።

ስለዚህ ከ2,350,000 እና ከ2,448,000 የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። የመዝገብ ዋጋው 3,600,000። የጎደለው 1,152,000 ብር።

እግረ መንገዴን፣ አሜሪካ በሂሳብ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖች ይህን ሲያነቡ ግር ሊላቸው ይችላል። በዚያ አገር ደንብ ለእንዲህ ዓይነት ማሽን መጀመሪያ የሚታየው ወደ ዛሬ ዋጋ ያልመጣው ድምር ነው። 4,200,000 ከ3,600,000 ስለሚበልጥ እዚያ ቢሆን ምርመራው በዚሁ ያበቃ ነበር። ያው ማሽን፣ ያው ቁጥር፤ አዲስ አበባ ጎደለ፣ ዋሽንግተን አልጎደለም። ስለዚህ «ሪከቨረብል» የሚለው ቃል ራሱ እዚህና እዚያ አንድ ልክ የለውም።

ወደ መዝገቡ እንሂድ። አጻጻፉ እንዲህ ነው።

ዴቢት፦ የዋጋ መጓደል ኪሳራ 1,152,000
ክሬዲት፦ የተጠራቀመ የዋጋ መጓደል (ማተሚያ ማሽን) 1,152,000

«ኪሳራ» ብቻውን ከቆመ ድርጅቱ የከሰረ ስለሚመስል «የዋጋ መጓደል» የሚለው አይለየው። ሌላው ወጥመድ «ወጪ» ነው። በረቂቅዎ «የማሽኑ 1,152,000 ብር ወጪ ተደረገ» ብለዋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው «ወጪ ተደረገ» ሲባል የሚታየው ሞዴል 22 ነው፤ ዕቃው ተፈርሞ ከግምጃ ቤት ወጣ ማለት ነው። ማሽኑ ግን የትም አልሄደም። «በወጪ ተያዘ» ይበሉ። አንዲት «በ» ናት ማሽኑን ከበር የምትመልሰው።

ከዚህ በኋላ የዓመቱ እርጅና ይለወጣል። 2,448,000 ለ6 ሲካፈል 408,000 ይሆናል፤ ያው 600,000 ከቀጠለ ማሽኑ ጊዜው ሳይደርስ መዝገብ ላይ ያልቃል። አምና ተጽፎ ዘንድሮ እርጅናው ያልተነካበት መዝገብ ካዩ፣ መጓደሉ ለሪፖርት ያህል ብቻ እንደተጻፈ ይወቁ።

በጥያቄዎ ጫፍ «ሥራው ቢመለስስ?» ብለዋል። ያኔ ኪሳራው ይቀለበሳል። «ይመለሳል» አልልም፤ ያ ቃል ደግሞ ወደ ታክስ ተመላሹ ይወስደናል። ፍርድ እንደሚቀለበስ ይቀለበሳል፤ ግን ጣሪያ አለው። ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገቡ 1,632,000 ላይ ይሆናል። መጓደሉ ባይመዘገብ ኖሮ 2,400,000 ላይ ይገኝ ነበር። ሊገኝበት የሚችለው ዋጋ ያኔ 2,600,000 ቢደርስ እንኳ ከ2,400,000 አይታለፍም፤ የሚቀለበሰው 768,000 ብር ነው።

ረቂቅዎን እንዲህ አርሜዋለሁ፦ «የኅትመት ሥራ ትዕዛዝ በመቀነሱ ምክንያት የማተሚያ ማሽኑ የዋጋ መጓደል ምርመራ ተደርጎለታል። የመዝገብ ዋጋው ብር 3,600,000 ሲሆን፣ ሊገኝበት የሚችለው ዋጋ ማሽኑ በሥራ ላይ ቢቆይ በሚያስገባው ገንዘብ ተሰልቶ ብር 2,448,000 ሆኗል። ልዩነቱ ብር 1,152,000 የዋጋ መጓደል ኪሳራ ሆኖ በዓመቱ ወጪ ተይዟል። ማሽኑ አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለሥራ አስኪያጅዎ ስል ነው የጨመርኳት።