ጭድ በዩሪያ አክሞ ወይፈን ማድለብ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል እቀመጣለሁ። የማደልበው ቡሬ አካባቢ ነው። የጭድ ጥያቄ አምጡልኝ። ዋጋ ግን አትጠይቁኝ፣ ገበያ ወጥታችሁ እዩ።

«ጋሼ፣ ሁለት ወይፈን ገዛሁ። ያለኝ የጤፍ ጭድና የበቆሎ አገዳ ነው። በሦስት ወር ለፋሲካ ይደርሱልኛል?» (ከደምበጫ)

ጭዱን እንዳለ ከሰጠሃቸው አይደርሱም። ሆዳቸው ይነፋል፣ ጎድናቸው ግን እንደተቆጠረ ይቀራል። በዩሪያ አክመው።

ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ታሟሟለህ። ፍሬው እስኪጠፋ አማስለው። አገዳውን በገጀራ የጣት ርዝመት አድርገህ ክተፈው። ጉድጓዱን ላስቲክ አልብሰው። ጭዱን ስስ አድርገህ አንጥፍ፣ ውሃውን እርጭበት፣ በእግርህ ርገጠው፣ ሌላ ደግሞ ደርብበት። ውስጡ አየር ካለ ይሻግታል፣ ስለዚህ ልጆቹን ጥራና ይርገጡ። ሲሞላ ላስቲኩን እጠፍበት፣ ጭቃና ድንጋይ ጫንበት። 21 ቀን አይነካም።

ለሁለት ወይፈን በቀን 10 ኪሎ ጭድ ብትል በ90 ቀን 900 ኪሎ ነው። ዩሪያው 45 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም። 220 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ጉድጓዶች ቆፍር። አንዱ 22 ቀን ያበላሃል። እሱን በከፈትክ ቀን ሌላውን ሙላ።

«21 ቀን ለምን? ወንድሜ አባይ በረሃ አጠገብ በሁለት ሳምንት ከፍቶ አብልቷል» (ከአማኑኤል)

ወንድምህ ቆላ ነው። ሙቀት ያፋጥነዋል፣ ልክ ነው። አንተ ደጋ ላይ ነህ፣ ከ21 ቀን በላይም ብትጠብቅ አትጎዳም። የደረሰውን በአፍንጫህ ታውቀዋለህ፦ ሲከፈት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፣ ጭዱም ወደ ቡናማ ያዘነበለ ቢጫ ይሆናል። ነጭ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካየህ ያንን ጥለህ የቀረውን ተጠቀም። እኔ አምና በአንድ ጥግ ዝናብ ገብቶብኝ አንድ አራተኛውን ጣልኩት፣ ላስቲኬ ቀዳዳ ነበረው። ከጉድጓዱ ያወጣኸውን አንድ ሌሊት አናፍሰህ ነው የምትሰጠው። በመጀመሪያው ሳምንት ካልታከመ ጭድ ጋር ደባልቀው።

«ጋሼ፣ ጉድጓድ መቆፈር ይቅርና ዩሪያውን በውሃ አሟሙቼ ባጠጣቸውስ?» (ከፍኖተ ሰላም)

ትገድላቸዋለህ። ይንቀጠቀጣሉ፣ አፋቸው አረፋ ይደፍቃል፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ሐኪም ሳይደርስ ያልቃሉ። በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ኮምጣጤ የሚያጠጣ አለ፣ የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው። የሟሟ ዩሪያ ያለበትን ባሊ ከብት አጠገብ አታስቀምጡ።

«እኔ አረቄ አወጣለሁ፣ አተላ ሞልቶኛል። ጭዱን ትቼ በአተላ ባደልባቸውስ?» (ከዳንግላ)

አተላውን አይተዉት፣ እትዬ። ግን ቀዝቅዞ፣ የዕለቱን ብቻ። የከረመ ሆድ ያበላሻል። ጭዱም አይቅር፣ የሚያመነዥኩት ነገር ያስፈልጋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ የአተላ በሬ ሥጋው ውሃ ነው፣ ልኳንዳ ቤት ይታወቃል።

ከዳንግላ፦ ማን አለህ? የኔ በሬ ሲሸጥ ገዢ ተሻምቶበታል።

ከደብረ ማርቆስ፦ በገዢ ብዛት ሥጋ አይለካም።

ሥጋውን ስትበሉ ትጨርሱታላችሁ። ወደ ጭዱ እንመለስ።

«ፋጉሎ ስንት ልስጥ?» (ከመራዊ)

ስንት ኪሎ ወይፈን? ስንተኛ ወር? ምን ላይ? እንዲህ አትጠይቁኝ። 250 ኪሎ ገደማ ከሆነና የታከመ ጭድ ካለህ በግማሽ ኪሎ ጀምር፣ በሁለት ሳምንት ቀስ እያልክ ወደ ሁለት ኪሎ የኑግ ፋጉሎ አድርሰው፣ አንድ ኪሎ ፉርሽካ ጨምርበት። በድንገት ብዙ ከሰጠኸው ይነፋል። ፋጉሎውን በእጅህ ሰብረህ አሽትተው፣ የሻገተውን አትግዛ። ጨው ይላስ፣ ውሃ አይጥፋ። ከሁሉ በፊት የትል መድኃኒት፣ በተለይ ውሃ ያቆረበት ሜዳ ላይ የዋለ ከሆነ የጉበት ትል አለበት።

«ይኮላሽ ወይስ አይኮላሽ?» (ከቡሬ)

ገዢህን ጠይቅ። እኔ ሳላኮላሽ ነው የምሸጠው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ግን ጮማ የሚፈልግ ሰው ሰንጋ ነው የሚጠይቀው።

«ስንት ብር ያተርፋል?» (ከደጀን)

ከላይ ብያለሁ።

«ጋሼ፣ ማዳበሪያ ለበቆሎዬም አልበቃኝ፣ ከየት ላምጣ?» (ከደምበጫ)

ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ከሌለህ ጭዱን አታክም፣ ፋጉሎህን ጨምር፣ ወጪው ግን ይከብድሃል። ወይም አንዱን ወይፈን ሸጠህ አንዱን በደንብ አብላው። ለአንድ ወይፈን የሚያስፈልግህ 22 ኪሎ ተኩል ነው፣ ጎረቤት ካለህ ተካፈሉ።

ከደምበጫ፦ ጎረቤቴም የለውም።

እንግዲያው የትኛውን እንደምትሸጥ ነገ ገበያ አብረን እናያለን፣ ሁለቱንም ይዘህ ና።