ኪራይ አጓድሎ ለማያውቅ ተከራይ የሚጻፍ የጭማሪ ደብዳቤ

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው አንድ ታውንሃውስ ወይም ኮንዶ ገዝታችሁ የምታከራዩ ወገኖች ብዙ ናችሁ። ፕሮፐርቲ ታክሱ ይጨምራል፣ ኢንሹራንሱ ይጨምራል፣ የኤችኦኤ ክፍያውም ይጨምራል። ኪራዩ ግን ለዓመታት ባለበት ይቆማል። ለምን ስትባሉ መልሳችሁ አንድ ነው፦ «ሰውዬው እኮ አንድ ወር እንኳ አዘግይቶብኝ አያውቅም። እንዴት ብዬ ልጨምርበት?»

ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ዝምታው መጨረሻው አያምርም። አምስት ስድስት ዓመት ዝም ትሉና ወጪው ሲያንገበግባችሁ በአንዴ 400 ዶላር ትጨምራላችሁ። ተከራዩ ይደነግጣል፣ ቤቱን ለቆ ይወጣል። በመጠኑ የሚጨምር ደብዳቤ ግን በጊዜውና በሥርዓቱ ከተጻፈ ጥሩ ተከራይን አያስቀይምም።

የምጽፈው ሜሪላንድ ውስጥ ስላለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ፖቶማክን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ከገባችሁ ወይም ዲሲ ውስጥ የምታከራዩ ከሆነ ሕጉ ሌላ ነው። የቀኑን ቆጠራና የጭማሪውን ልክ ከዚህ አትውሰዱ።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። ብዙ ሰው ዚሎው ከፍቶ የሰፈሩን ኪራይ ያይና «የኔ ቤት እኮ 2,850 ያወጣል» ይላል። ሊያወጣ ይችላል። ግን ሒሳቡ እዚያ ላይ አያልቅም። አንድ ምሳሌ እንያዝ። ባለ ሦስት መኝታ ታውንሃውስ አላችሁ እንበል። ተከራዩ ስድስት ዓመት ተቀምጧል፣ በወር 2,400 ይከፍላል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ታክሱ በወር ሲካፈል 35 ዶላር፣ ኢንሹራንሱ 40፣ ኤችኦኤው 20 ጨምሯል። ድምሩ በወር 95 ዶላር ነው። 100 ዶላር ጨምራችሁ ኪራዩን 2,500 ብታደርጉት የጨመረው ወጪ ይሸፈናል።

2,850 ጠይቃችሁ ተከራዩ ቢወጣስ? ቤቱ አንድ ወር ተኩል ባዶ ቢቀመጥ፣ ነባሩ ተከራይ ይከፍል ከነበረው 2,500 አንጻር 3,750 ዶላር ይቀርባችኋል። ቀለምና ጽዳት 1,800 በሉት። ተከራይ የሚያመጣላችሁ ኤጀንት የአንድ ወር ኪራይ፣ ማለትም 2,850 ቢወስድ አጠቃላዩ 8,400 ዶላር ይሆናል። በአዲሱ ተከራይ የምታገኙት ብልጫ በወር 350 ዶላር ነው። 8,400ን ለ350 ስታካፍሉት 24 ይመጣል። ኪሳራችሁን ለመመለስ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። ያውም አዲሱ ሰው እንደ ቀድሞው በቀኑ የሚከፍል ከሆነ ነው። እኔ በዚህ ሒሳብ ነባሩን ተከራይ እመርጣለሁ። እናንተም የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ አስሉት።

አሁን ወደ ሕጉ። ካውንቲው በ2023 የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ አወጣ፣ ከጁላይ 2024 ጀምሮም ሥራ ላይ ውሏል። የዓመቱ ጭማሪ የዋጋ ንረቱ መቶኛ ላይ 3 ተደምሮ ከሚመጣው መብለጥ አይችልም። ንረቱ የፈለገውን ያህል ቢሆንም ከ6 በመቶ አያልፍም። ከጁላይ 2025 እስከ ጁን 2026 መጨረሻ ያለው ጣሪያ 5.7 በመቶ ነው። በምሳሌያችን 100 ዶላር የ2,400 ሲሰላ 4.17 በመቶ ነው፣ ከጣሪያው በታች ነው። 2,850 መጠየቅ ግን ከጣሪያው በላይ ነው።

ጣሪያው የማይነካቸው አከራዮች አሉ። ከነሱ አንዱ ቤቱ በራሱ በግለሰቡ ስም ሆኖ፣ በካውንቲው ውስጥ የሚያከራየው ከሁለት ቤት የማይበልጥ ሰው ነው። ብዙዎቻችሁ እዚህ ውስጥ ትገባላችሁ። ቤቱን በኤልኤልሲ ስም ካዞራችሁት ግን ነፃ ነኝ ብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት 311 ደውላችሁ የካውንቲውን የቤቶች መምሪያ ጠይቁ። እኔ ጣሪያው ባይመለከተኝም ከሱ በታች ብቆይ ይሻለኛል። ጥሩ ተከራይ ቁጥሩን ካውንቲው ካወጣው ጋር ያስተያያል፣ አነስ ብሎ ሲያገኘውም ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ከጣሪያው ነፃ መሆን ከማስታወቂያው ነፃ አያደርግም። ጭማሪው ከመጀመሩ ቢያንስ 90 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። በ12 ወር ውስጥ ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመር አይቻልም። «አሁን 50፣ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ 50» የሚለው ደግነት የሚመስል ሐሳብ ከዚህ ጋር ይጋጫል። ሊዙ ገና ካላለቀም መሀል ላይ አትጨምሩ፣ ጭማሪው እድሳቱን ይጠብቅ።

ቀኑን አብረን እንቁጠር። ሊዙ ሜይ 31 ቀን 2026 የሚያልቅ ከሆነ አዲሱ ኪራይ ጁን 1 ይጀምራል። ከጁን 1 ወደ ኋላ 90 ቀን ስትቆጥሩ ማርች 3 ላይ ትደርሳላችሁ። ማርች 3 ላይ ፖስታ ቤት ብትሄዱ ግን ዘገያችሁ፣ ምክንያቱም ደብዳቤው የሚደርስበት ቀን አለ። ፌብሩዋሪ 20 አካባቢ ላኩት። በዚያ ላይ «ሦስት ወር» እና «90 ቀን» አንድ አይደሉም። ፌብሩዋሪ አጭር ስለሆነ እሱ የገባበት ሦስት ወር ከ90 ቀን ሊያንስ ይችላል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አንድ ቀን ከጎደለ ተከራዩ ጭማሪውን በዚያ ቀን አልቀበልም ማለት ይችላል፣ እውነቱም ከሱ ጋር ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ምስጋናው አንድ አንቀጽ፣ ቁጥሩ ሌላ አንቀጽ። «እናመሰግናለን፣ ነገር ግን» ብላችሁ አታያይዙት፣ ምስጋናው ለቁጥሩ ማለዘቢያ ይመስላል። ለተከራዩ የምትልኩት በእንግሊዝኛ ይሆናል፣ ሐሳቡ ግን እንዲህ ይሂድ፦

«ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2026

ለተከበሩ አቶ እገሌ፣

ላለፉት ስድስት ዓመታት ኪራዩን በየወሩ በቀኑ ከፍለዋል። ቤቱንም እንደ ራስዎ ቤት ይዘውታል። ለዚህ ከልብ እናመሰግናለን።

አሁን የሚከፍሉት ኪራይ በወር 2,400 ዶላር ነው። ከጁን 1 ቀን 2026 ጀምሮ በወር 2,500 ዶላር ይሆናል። ጭማሪው 100 ዶላር ወይም 4.17 በመቶ ነው። እስከ ሜይ መጨረሻ የሚከፍሉት አይለወጥም።

የጨመርነው የቤቱ ወጪ ስለጨመረ ነው። የቤት ታክስ፣ ኢንሹራንስና የኤችኦኤ ክፍያ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸሩ በድምሩ በወር 95 ዶላር ከፍ ብለዋል።

ካውንቲው እስከ ጁን 30 ቀን 2026 ያወጣው የጭማሪ ልክ 5.7 በመቶ ነው። ጭማሪው በዝቷል ብለው ካመኑ የካውንቲው የቤቶች መምሪያ እንዲያየው መጠየቅ ይችላሉ።

ሊዙን ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ማደስ ይችላሉ። ሁለት ዓመት ከመረጡ ኪራዩ እስከ ሜይ 31 ቀን 2028 በ2,500 ዶላር ይቆያል። ምርጫዎን እስከ ማርች 31 ቢያሳውቁን ውሉን እናዘጋጃለን። ጥያቄ ካለዎት ይደውሉልን።

ከአክብሮት ጋር»

የድሮው ኪራይ፣ አዲሱ ኪራይ፣ መቶኛው፣ የሚጀምርበት ቀን፣ የካውንቲው ልክና ተከራዩ ለመምሪያው አቤት ማለት እንደሚችል የሚገልጸው ዐረፍተ ነገር በሕጉ መኖር ያለባቸው ናቸው። አቤቱታውን የሚጠቅሰውን ብዙ ሰው ማስገባት አይፈልግም፣ «ሂድና ክሰሰኝ» ያልኩ ይመስልብኛል ይላል። እኔ በተቃራኒው አየዋለሁ። የምትደብቁት ነገር እንደሌለ የሚናገረው ይሄ መስመር ነው። የሁለት ዓመቱ ምርጫም እንዲሁ በፈቃዳችሁ የምትሰጡት ብቻ አይደለም። በዚህ ካውንቲ አከራይ ሊዝ ሲያድስ በቂ ምክንያት ከሌለው በቀር የሁለት ዓመት ውል ማቅረብ አለበት። ዋጋውን ለሁለት ዓመት ማሰር ግን የናንተ ውሳኔ ነው። በቀኑ ለሚከፍል ሰው ከምታቀርቡለት ሁሉ የሚበልጥበት ይሄ ነው እላለሁ።

ስለ ምክንያቱ አንድ ልጨምር። ስለ ልጃችሁ የኮሌጅ ክፍያ ወይም አገር ቤት ስለጀመራችሁት ግንባታ አትጻፉ። ተከራዩ ያዝንላችሁ ይሆናል፣ የናንተ ችግር ግን በሱ ኪራይ ላይ ምን አገናኘው? የቤቱን ወጪ ብቻ ጻፉ። ሒሳቡን ቢጠይቅ ቢሉን አሳዩት፣ ስለዚህ 95 ያላችሁት በወረቀት 95 ይሁን።

ከደብዳቤው በፊት ቤቱን እዩት። ተከራዩ ቧንቧ ያንጠባጥባል ብሎ ከነገራችሁና ካልሠራችሁ መጀመሪያ እሱን ሥሩ። ጥሩ ተከራይ ብዙ ጊዜ አያማርርም፣ ዝም ብሎ ይችላል። ጭማሪ ሲመጣበት ግን የቻለው ሁሉ ትዝ ይለዋል። በዚያ ላይ ቅሬታ ባቀረበ ማግስት የሚመጣ ጭማሪ ብቀላ ይመስላል፣ ብቀላ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። የማከራየት ፈቃዳችሁም ያልተቃጠለ መሆኑን ያኔውኑ እዩ።

ተከራያችሁ ሐበሻ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉለት። «ደብዳቤ ልልክልህ ነው፣ በወር 100 ዶላር ነው፣ ከጁን ጀምሮ ነው» በሉት። በፖስታ ድንገት ሲያገኘው «በአፉ ሊነግረኝ አይችልም ነበር?» ብሎ ይቀየማል። ከስልኩ በኋላ ግን ወረቀቱ ይከተል። በቴሌግራም ወይም በቡና ላይ የተነገረ ጭማሪ 90 ቀኑን አያስቆጥርም። በፖስታ ላኩት፣ ፖስታ ቤቱ የመላኪያ ማስረጃ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ በኢሜይልም ድገሙት፣ ኮፒውን አስቀምጡ።

«አልችልም» ካለስ? ስሙት። ሥራው ቀንሶበት ይሆናል። ጭማሪውን ወደ 60 ዶላር ማውረድ ወይም ጁን የነበረውን ወደ ሴፕቴምበር መግፋት ትችላላችሁ። የተስማማችሁበትን አዲስ ቁጥርና ቀን በጽሑፍ ስጡት። ዝም ካለ ማርች 31 ካለፈ በኋላ ደውሉ፣ ዝምታውን እንደ እሺታ አትቁጠሩት። ከተስማማም ሊዙን ሁለታችሁም ፈርሙና በሜይ መጨረሻ ዜሉን ወይም የባንክ አውቶማቲክ ክፍያውን እንዲያስተካክል አስታውሱት። ጁን 1 ላይ 2,400 ቢገባ አብዛኛውን ጊዜ አውቶማቲክ ክፍያውን መቀየር ረስቶ ነው።